የማታውቁትን ፊላመንት በቴምፕ ታወር መፈተን፦ ትክክለኛውን የኖዝል ሙቀት እንዴት ታገኛላችሁ?

አዲሱ የ3ዲ ፕሪንተር ፊላመንት ጥቅልል ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ፒኤልኤ፣ ከ190 እስከ 230 ዲግሪ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። የአምራቹን ስም ከዚህ በፊት ሰምታችሁት አታውቁም። ምናልባት ከዱባይ ወይም ከቻይና በሰው ሻንጣ የመጣ ነው፤ ምናልባትም ጓደኛችሁ «እኔ አልተጠቀምኩበትም፣ ውሰደው» ብሎ የሰጣችሁ። በ190 እና በ230 መካከል ደግሞ 40 ዲግሪ አለ። በአንደኛው ጫፍ ያተማችሁት ዕቃ በጣት ሲጫኑት ይሰነጠቃል፤ በሌላኛው ጫፍ ያተማችሁት ክር በክር ይሆናል። ወረቀቱ አልዋሸም። የተጻፈው ግን በዓለም ላይ ላለው ፕሪንተር ሁሉ ነው፤ የእናንተን ኖዝል፣ የእናንተን ፋንና የእናንተን ፍጥነት አያውቅም።

ቴምፕ ታወር የሚባለው ይህን ክፍተት የሚያጠብ ነገር ነው። ቀጭንና ረጅም ማማ ታትማላችሁ። ማማው በፎቅ በፎቅ የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ በተለያየ ሙቀት ይታተማል፤ ቁጥሩም ጎኑ ላይ ተቀርጿል። ሲያልቅ አንድ ፊላመንት በዘጠኝ የተለያየ ሙቀት ምን እንደሚመስል እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ታያላችሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ከሁሉም ቆንጆ የሆነውን ፎቅ ይመርጥና ቁጥሩን ስላይሰሩ ላይ አስገብቶ ይሄዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማማው አንድ ቁጥር አይሰጣችሁም፤ የሚሰጣችሁ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ነው። ከክልሉ ውስጥ የትኛውን እንደምትወስዱ የሚወስነው የምታትሙት ዕቃና የምታትሙበት ፍጥነት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማማውን ከማተሙ ይልቅ ማንበቡ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከማተም በፊት

መጀመሪያ ፊላመንቱ በእርግጥ ፒኤልኤ መሆኑን እወቁ። ወረቀቱ ካለ ጥሩ። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ጥቅልሉ ራቁቱን ከመጣ አንድ ቀላል ፈተና አለ። አጭር ቁራጭ ቆርጣችሁ 70 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ በቀላሉ ይታጠፍላችኋል። ካልለሰለሰ የፈላ ውሃ ውስጥ ሞክሩት። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፔትጂ ግን 80 ላይ ስለሚለሰልስ እዚህም ይለሰልሳል። ኤቢኤስ 105 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈልግ የፈላው ውሃ ምንም አያደርገውም። ለሦስቱም የማማው የሙቀት ክልል የተለያየ ስለሆነ ይህን ሳያውቁ መጀመር ዋጋ የለውም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ፒኤልኤ ነው፤ አሠራሩ ግን ለሌሎቹም ያው ነው።

ቀጥሎ እርጥበት። ፊላመንት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ክረምት ላይ ክፍት ሆኖ ለሳምንታት የተቀመጠ ጥቅልል በየትኛውም ሙቀት ክር ይጎትታል። እንዲህ ያለ ፊላመንት ማማ ላይ ሲታተም ሁሉም ፎቅ ክር በክር ይሆንና «ሙቀቱን አሁንም ልቀንስ» እያላችሁ እስከ 190 ትወርዳላችሁ። ችግሩ ሙቀቱ አልነበረም። ለማወቅ ኖዝሉን 210 አድርሱትና በእጅ ጥቂት ፊላመንት አስወጡ። የሚወጣው ክር ለስላሳና አንድ ወጥ ከሆነ ደረቅ ነው። ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ክሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ካያችሁ ወይም ትንሽ እንፋሎት ከወጣ እርጥብ ነው። እንዲህ ከሆነ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ለስድስት ሰዓት ያህል አድርቁት። የፊላመንት ማድረቂያ ከሌላችሁ የፍራፍሬ ማድረቂያም ይሠራል። የኩሽና ኦቨን ላይ ግን አልተማመንም። 50 ላይ አድርጋችሁት 70 ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው ስለ ፕሪንተሩ ራሱ ነው። የፊላመንቱ ቱቦ እስከ ኖዝሉ ድረስ የሚወርድ ከሆነ፣ ማለትም ነጩ የቴፍሎን ቱቦ ትኩሱ ክፍል ውስጥ ካለ፣ ከ240 ዲግሪ በላይ አትውጡ። ቱቦው መበላሸት ይጀምራል፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚወጣው ጭስም ለጤና ጥሩ አይደለም። ለፒኤልኤ ማማ 230 ስለሚበቃ እዚህ ችግር የለም። ለፔትጂ ማማ ስትሠሩ ግን አስታውሱት።

ሬትራክሽኑን፣ ማለትም ኖዝሉ ቦታ ሲቀይር ፊላመንቱ ወደኋላ የሚሳብበትን መጠን፣ እንዲሁም ፋኑንና ፍሎውን አትንኩ። ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት አሠራር ላይ ይቆዩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የመጣው ለውጥ ከየትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ማማውን ማዘጋጀት

በጣም ቀላሉ መንገድ ኦርካስላይሰር ነው፤ ማማው ከነቁጥሩ ውስጡ ተዘጋጅቶ ይመጣል። መጀመሪያ ፕሪንተራችሁንና የምታውቁትን ተራ የፒኤልኤ ፕሮፋይል ምረጡ። ከዚያ ላይኛው ሜኑ ላይ `Calibration` ውስጥ ገብታችሁ `Temperature` የሚለውን ተጫኑ። አንድ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። የፊላመንቱን ዓይነት `PLA` በሉት፤ `Start temp` 230፣ `End temp` 190፣ `Temp step` 5 ይሁን። ዘጠኝ ፎቆች ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ቁመት 10 ሚሊ ሜትር ነው።

ከሙቁ ተነስቶ ወደ ቀዝቃዛው የሚሄደው በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሌየር ቤዱ ላይ በደንብ እንዲይዝ ሙቀት ይፈልጋል። ከታች በ190 ብትጀምሩ ፊላመንቱ ገና ከመጀመሪያው አልወጣ ሊል፣ ማማውም ተነቅሎ ሊወድቅ ይችላል። ከላይ ቀዝቃዛው ፎቅ ላይ ኤክስትሩደሩ መግፋት ቢያቅተው ግን ብዙም አልተጎዳችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ከታች ያሉት ፎቆች አልቀዋል፤ ያቆመበት ቦታም ራሱ መልስ ነው።

ሌላ ስላይሰር የምትጠቀሙ ከሆነ የማማውን ሞዴል ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ሙቀቱን ራሳችሁ በየፎቁ ማስገባት አለባችሁ። በፕሩሳስላይሰር ከስላይስ በኋላ በስተቀኝ ባለው የሌየር ተንሸራታች ላይ አዲሱ ፎቅ የሚጀምርበትን ከፍታ ፈልጉ። የመደመር ምልክቷን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና `Add custom G-code` በሉ። የታችኛው ፎቅ 230 እንዲሆን ፕሮፋይሉ ላይ 230 አድርጉ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትጽፉት ይህችን ነው፦

```
M104 S225
```

ቀጣዩ ፎቅ ላይ `S220`፣ ከዚያ `S215` እያላችሁ ትሄዳላችሁ። `M104` ሙቀቱን ይቀይራል እንጂ ፕሪንተሩን አያስቆምም። `M109` ግን ሙቀቱ እስኪደርስ ድረስ ኖዝሉን በቦታው ሊያቆመው ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ከኖዝሉ የሚንጠባጠበው ፕላስቲክ ማማው ላይ እብጠት ይሠራል። ስለዚህ `M104` ይሻላል። በኪዩራ ደግሞ `Extensions` ውስጥ `Post Processing`፣ ከዚያ `Modify G-Code` ትገቡና `ChangeAtZ` የሚለውን ስክሪፕት ለእያንዳንዱ ፎቅ ትጨምራላችሁ። የወረደ ሞዴል ከሆነ መጠኑን አታሳድጉ፣ አታሳንሱም። ከፍታው ሲቀየር የተጻፈው ቁጥርና እውነተኛው ሙቀት ይለያያሉ።

ከማተማችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። በኦርካም በፕሩሳም የስላይስ ማሳያው ላይ ቀለሙን የሚመርጠውን ዝርዝር ክፈቱና `Temperature` በሉት። ማማው ፎቅ በፎቅ ቀለሙ ከተቀያየረ ትዕዛዙ ገብቷል። ከላይ እስከታች አንድ ቀለም ከሆነ ሙቀቱ አልተቀየረም ማለት ነው፤ ብታትሙት ከሰዓት በላይ ጠብቃችሁ ዘጠኝ ተመሳሳይ ፎቅ ታገኛላችሁ።

እየታተመ ሳለ

አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ መቀመጥ አያስፈልግም። ግን በሁለት አጋጣሚ ብቅ በሉ፤ ፎቅ ሲቀየርና መጨረሻ አካባቢ ያሉት ቀዝቃዛ ፎቆች ሲደርሱ።

ፎቅ ሲቀየር የፕሪንተሩን ስክሪን እዩ። 230 የነበረው ወደ 225 ሲወርድ የተወሰኑ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። በዚህ መሃል የሚታተሙት ጥቂት ሌየሮች ገና በድሮው ሙቀት ናቸው። ለዚህ ነው ፎቁን ስታነቡ ታችኛውን ጠርዝ ትታችሁ መሃሉን የምታዩት። ከዚያ ቁጥሩ አዲሱ ሙቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ይረጋጋል? አንድ ዲግሪ ወደላይ ወደታች ቢል ምንም አይደለም። አራት አምስት ዲግሪ እየወጣና እየወረደ ከሆነ ግን የ5 ዲግሪ ደረጃ ትርጉም አይኖረውም፤ በመጀመሪያ ማሞቂያውን የሚያረጋጋውን የፒአይዲ ማስተካከያ አድርጉ። በማርሊን ፈርምዌር ትዕዛዙ ይህ ነው፦

```
M303 E0 S210 C8
```

ሲያልቅ የሚሰጣችሁን ሦስት ቁጥሮች በ`M301` አስገብታችሁ በ`M500` ታስቀምጣላችሁ።

ቀዝቃዛዎቹ ፎቆች ላይ ጆሮ ይጠቅማል። ኤክስትሩደሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ሞተሩ ፊላመንቱን መግፋት አቅቶት ወደኋላ እየዘለለ ነው። የጀመረበትን ፎቅ ያዙት። የዚህ ፊላመንት የታችኛው ድንበር ከዚያ በላይ ነው።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ነገሩ ያበሳጫል። ፕሪንተሩ ካቆመበት መቀጠል የሚችል ቢሆንም የተቋረጠበት ሌየር ላይ እብጠት ይቀራል። ሌየሩ ስለቀዘቀዘም ከላዩ የሚመጣው በደንብ አይያያዝም። ማማውን አትጣሉት፤ ያንን ፎቅ ብቻ ከንባቡም ከመስበሩም አውጡት።

በዓይን ማንበብ

ማማው ሲቀዘቅዝ ከቤዱ አንሱትና መስኮት አጠገብ ወይም ከጎን በሚመጣ መብራት አዙራችሁ እዩት። ከላይ በሚመጣ መብራት ብዙ ነገር ይደበቃል።

አንድ ማማ እንዴት እንደሚነበብ ላሳያችሁ፤ ተራ ጥቁር ፒኤልኤ፣ የናስ ኖዝል፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ሌየር።

230 ላይ በዓምዶቹ መካከል ድር ተጎትቷል። ከዓምድ ወደ ዓምድ በባዶ አየር ላይ የተዘረጋው ድልድይ መሃሉ ላይ ረግቧል፤ ከስሩ የተንጠለጠሉ ቀለበቶች ይታያሉ። ወደ ውጭ ያዘነበለው ጠርዝ ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ግድግዳው በጣም ያብረቀርቃል፣ የተቀረጸው ቁጥር ግን ጠርዙ ቀልጦ ክብ ክብ ሆኗል። 225 ትንሽ ይሻላል እንጂ ያው ነው። 220 ላይ ለውጥ አለ። ድሩ ወደ ቀጫጭን ፀጉር ወርዷል፤ በጣት ስትጠርጉት ይወድቃል። ድልድዩ ቀና ብሏል። 215 እና 210 ላይ ቁጥሩ ሹል ነው፣ ግድግዳው እኩል ወዝ አለው፣ ፀጉሩ አንድ ሁለት ብቻ ነው። 205 ከሁሉም ያምራል። ድልድዩ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ ነው፤ ክር የሚባል የለም። 200 ላይ ወዙ ደብዝዟል። 195 ላይ ግድግዳው ላይ ስስ ሰረዞች፣ ፕላስቲክ ያልሞላባቸው ቦታዎች ይታያሉ። 190 ላይ ኤክስትሩደሩ ሲዘል ተሰምቷል፣ ሌየሮቹም በዓይን ይለያያሉ።

በዓይን ብቻ ብንፈርድ አሸናፊው 205 ነው። ፎቶ አንስታችሁ ብትጠይቁም ብዙው ሰው 205 ይላችኋል።

ወዙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፊላመንቱ ሲሞቅ ይበልጥ ያብረቀርቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይደበዝዛል። በመሆኑም ግድግዳው ወዙን የሚያጣበት ፎቅ ሌየሮቹ መያያዝ መቸገር የጀመሩበትን አካባቢ ይጠቁማል። ማት ተብሎ የሚሸጠው ፊላመንት ላይ ይህ ምልክት አይሠራም፣ ከጅምሩ ወዝ የለውማ። ሲልክ የሚባለው ደግሞ ውበቱ በሙቀት ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ከተራው ፒኤልኤ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ትንሽ ክር መታገሥ ይኖርባችኋል።

በእጅ መስበር

አሁን ማማውን ስበሩት። «እንዴት ያለ ቆንጆ ነገር ይሰበራል!» የሚል ሰው አለ፤ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠውም አጋጥሞኛል። ግን ግማሹ መልስ ያለው ስብራቱ ውስጥ ነው።

ከላይ፣ ከቀዝቃዛው ጀምሩ። የላይኛውን ፎቅ በፒንሳ ያዙ፣ ከስሩ ያለውን በሌላ እጅ አጥብቃችሁ ወደ ጎን እጠፉት። ፕላስቲኩ ሲሰበር ሊፈናጠር ስለሚችል መነጽር አድርጉ። በያንዳንዱ ፎቅ ላይ ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ ምን ያህል ኃይል ፈለገ፣ የተሰበረበት ፊትስ ምን ይመስላል?

በዚያው ጥቁር ማማ 190 እና 195 በጣት ብቻ ተለያዩ። የተሰበረበት ፊት ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው፤ የሌየሩ መስመሮች እንዳሉ ይታያሉ። ይህ ማለት ሌየሮቹ ተደራርበዋል እንጂ አልተያያዙም። 200 ፒንሳ ቢፈልግም ያው ጠፍጣፋ ነው። ያ ውቡ 205 ትንሽ ታግሎ ተሰበረ፤ ግማሹ ጠፍጣፋ፣ ግማሹ ሸካራ ነበር። 210 ላይ ስብራቱ አንድ ሌየር ተከትሎ አልሄደም። ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ግድግዳውን እየቀደደ ሄደ፤ ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ የመለጠጥ ምልክት ይታያል። ከ215 ጀምሮ ከመሰበሩ በፊት ጎበጥ ይላል።

ክልላችን ወጣ። ከታች ድንበሩ 210 ነው፤ ከዚያ በታች ሌየሩ አይታመንም። ከላይ ድንበሩ 220 ነው፤ ከዚያ በላይ መልኩ ይበላሻል። 205ን ያልነበረ አድርጋችሁ እለፉት፣ መልክ ብቻ ለሚፈልግ ጌጥ ካልሆነ በስተቀር።

ከዚህ በኋላ ሥራው ይወስን። ምስል፣ የስም ሰሌዳ፣ ጥቃቅን ዝርዝር ያለው ነገር ከሆነ 210። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መያዣ፣ ማርሽ፣ ብሎን የሚታሰርበት ነገር ከሆነ 220፤ ጥቂት ፀጉር ቢኖረው በላይተር ወይም በሙቅ አየር ጠራርጋችሁ ትገላገላላችሁ። ለዕለት ተዕለት አንድ ቁጥር ካስፈለገ 215ን ፕሮፋይሉ ላይ አስቀምጡ።

በ2 ዲግሪ ደረጃ ሁለተኛ ማማ ላትም ብትሉ አልከለክልም። ግን የሙቀት መለኪያው ራሱ አንድ ሁለት ዲግሪ ይወዛወዛል፣ ዓይናችሁም በ212 እና በ214 መካከል ልዩነት አያገኝም። ያንን ፊላመንት ለሥራ አውሉት።

ማማው የማይነግራችሁ ነገር፦ ፍጥነት

ብዙ ሰው ማማውን በትክክል አንብቦ፣ ቁጥሩን አስገብቶ፣ ትልቅ ዕቃ ሲያትም የሚሰነጠቅበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው።

ማማው ቀጭን ስለሆነ አንድ ሌየር ቶሎ ያልቃል። ስላይሰሩ ደግሞ ሌየሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ እንዳይጫንበት ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፕሮፋይላችሁ 150 ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ቢልም ማማው የሚታተመው ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት ነው። የስላይስ ማሳያውን ወደ `Speed` ቀይራችሁ ብታዩት በቁጥር ይነግራችኋል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ፊላመንቱ ኖዝሉ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። በየሴኮንዱ የሚቀልጠው መጠን የሌየሩ ቁመት በመስመሩ ስፋት በፍጥነቱ ተባዝቶ ነው። ሌየሩ 0.2፣ መስመሩ 0.45 ከሆነ፦

```
0.2 × 0.45 × 50  = 4.5 mm³/s
0.2 × 0.45 × 150 = 13.5 mm³/s
```

ሦስት እጥፍ ነው። በዝግታ ሲያልፍ ፊላመንቱ እስከ መሃሉ ድረስ ይሞቃል። በፍጥነት ሲያልፍ ስክሪኑ 210 ቢልም የፊላመንቱ እምብርት 210 ሳይደርስ ይወጣል። ስለዚህ በማማው ላይ ጠንካራ የነበረው 210 በፈጣን ሥራ ላይ እንደ 200 ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ለመለየት አይከብድም፤ ዝግ ተብሎ የታተመው የውጭ ክፍል ወዝ አለው፣ በፍጥነት የታተመው ደብዛዛ ነው። አንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ዓይነት ወዝ ካያችሁ ለፍጥነቱ ሙቀት አንሶታል።

በ50 እና በ60 ሚሊ ሜትር የሚያትም የቆየ ፕሪንተር ያላችሁ ሰዎች የማማውን ቁጥር እንዳለ ውሰዱት። ፈጣን ፕሪንተር ያላችሁ ግን ከክልላችሁ የላይኛውን ጫፍ ያዙ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም 5 ወይም 10 ዲግሪ መጨመር ያስፈልጋል። በግምት አትቅሩ። ጎኑ 100 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 20 የሆነ፣ ውስጡ ባዶ፣ ሁለት ግድግዳ ብቻ ያለው ሳጥን አትሙ። በ`Speed` ማሳያ ላይ ፍጥነቱ እንዳልቀነሰ አረጋግጡ። አንዱን በ215፣ አንዱን በ225 አትሙና ግድግዳቸውን ወደ ውጭ ጎትታችሁ ቅደዱ። በሌየር መስመር ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀው ቀዝቅዞበታል። ይህ ስለ እውነተኛው ሥራ የሚነግራችሁ ከማማው ይበልጣል።

የሌላ ሰው ቁጥር ለምን ከናንተ ይለያል

ያንኑ ፊላመንት የገዛ ሰው «እኔ በ205 ነው የማትመው» ቢላችሁ አይዋሽም። ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙቀት የመለኪያው ነው፤ መለኪያው ያለው ማሞቂያው ብሎክ ላይ እንጂ ኖዝሉ ጫፍ ላይ አይደለም። በሁለት ፕሪንተር ላይ አንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ እውነተኛ ሙቀት ሊሆን ይችላል። የጠነከረ ብረት ኖዝል ከናስ ያነሰ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ እሱም ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 ዲግሪ ተጨማሪ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። ይህ የሚታየው ድልድዩና ያዘነበለው ጠርዝ ላይ ነው። እናም ሮተርዳም ወይም ዱባይ ያለ ሰው 225 ላይ ቀጥ ያለ ድልድይ ቢያሳያችሁ፣ የእናንተው 220 ላይ መርገብ ቢጀምር ፕሪንተሩን አትጠርጥሩት። ፋኑ ከ100 ፐርሰንት በታች ከሆነ ወደ 100 አድርሱትና እንደገና እዩ።

ማማው ግራ ሲያጋባ

ሁሉም ፎቅ ክር ከጎተተ፣ 195 እንኳ ሳይቀር፣ ተጠርጣሪው እርጥበት ነው። ካደረቃችሁ በኋላም ካልተሻለው ቀጣዩ ሬትራክሽን ነው። ክሩ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ እኩል ከሆነ ሙቀቱ ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው፤ የሙቀት ክር ወደ ላይ ሲወጣ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁሉም ፎቅ በመልኩም በስብራቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ትዕዛዙ ሳይገባ ቀርቷል። የጂኮድ ፋይሉን በጽሑፍ አርታኢ ከፍታችሁ `M104` የሚለውን ፈልጉ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ካለ መሃል ላይ ምንም አልተቀየረም።

220 ላይ እንኳ ግድግዳው ክፍተት ካለው ደግሞ ስለ ሙቀት ማሰቡን ተዉና ኖዝሉ በከፊል ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። ከማማው በፊት ኤቢኤስ ወይም ፔትጂ አትማችሁ ከነበረ ቅሪቱ በፒኤልኤ ሙቀት አይቀልጥም። ኖዝሉን ለቀድሞው ፊላመንት ወደሚበቃው ሙቀት ከፍ አድርጋችሁ አዲሱን ፊላመንት ቀለሙ እስኪጠራ አስወጡ፣ ከዚያ ማማውን ድገሙት።

መመዝገብ

ያገኛችሁትን ክልል እዚያው ጥቅልሉ ጎን ላይ በማርከር ጻፉ። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «210–220፣ ናስ 0.4፣ ፈጣን 225»። ስላይሰሩ ላይ ደግሞ የፊላመንቱን ፕሮፋይል በአምራቹና በቀለሙ ስም ለብቻ አስቀምጡ፤ ተራውን የፒኤልኤ ፕሮፋይል አትለውጡት።

ቀለሙንም መጻፍ አትርሱ። ቀለም የሚሰጠው ዱቄት የፊላመንቱን አፈሳሰስ ይቀይረዋል፤ ነጩ በተለይ ከግልጹና ከጥቁሩ ሊለይ ይችላል። ከአንድ አምራች ሌላ ቀለም ስትገዙ ሙሉ ማማ አያስፈልግም። `Start temp` 225፣ `End temp` 205 አድርጋችሁ አምስት ፎቅ ብቻ አትሙና ስበሩት። ኖዝሉን ከናስ ወደ ጠንካራ ብረት ከቀየራችሁ ግን ከ230 ጀምሩ።